ውሻው እንዳይገደል

ኢፍቱ ቀነዓ ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ወዳለችው ጤና ጣቢያ ተዛውራ ስትመጣ ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላት ጀመር። ነርስ ሳትሆን ጤና ረዳት መሆኗን መጀመሪያ ላይ ለማስረዳት ሞክራ ነበር፤ የሚሰማት ስታጣ ተወችው። ሁሩታ ተወልዳ ያደገች የስንዴ ገበሬ ልጅ ናት። ቀጠን ያለች፣ ብዙ የማትናገር፣ እጇን ታጥባ ታጥባ ጣቶቿ የነጡ ሴት ነበረች። በሠላሳ ዓመቷ አላገባችም። ለምን እንዳላገባች የሚጠይቋትን ሴቶች ፈገግ ብላ ታልፋቸዋለች።

ብዙ በሽታ አይታለች። ከሁሉም አንዱ ግን አልለቃትም። ገና ሥራ እንደጀመረች፣ አርሲ ውስጥ ባለች አንዲት ክሊኒክ ሳለች፣ አንድ ገበሬ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡላት። ሰውየው አልቆሰለም፣ ትኩሳቱም ይህን ያህል አልነበረም። «ውሃ ጠማኝ» ይላል፤ በጣሳ ቀድታ ስታቀርብለት ግን ጉሮሮው ይታነቃል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ጣሳውን በክንዱ መትቶ ይደፋዋል። ከዚያ ደግሞ አፍሮ ይቅርታ ይጠይቃታል። ሚስቱን ስትጠይቃት፣ ከሁለት ወር በፊት ቡችላ ቁርጭምጭሚቱን በጥርሷ ጫር አድርጋው እንደነበር ትዝ አላት። ጭረቱ በሳምንቱ ድኖ ነበር፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሰውየው እስኪሞት ድረስ አእምሮው አልሳተም። የሚሆነውን ሁሉ ያውቅ ነበር። ኢፍቱ ከዚያ ወዲህ ውሃ ጣሳ ውስጥ ሲንቆረቆር በሰማች ቁጥር የሰውየው ዓይን ይመጣባታል።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ፣ ሙቀቱ ጣራውን በሚያንጣጣበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰብስቤ የቴሌግራም አዳዩ ብስክሌቱን እየገፋ እያነከሰ ጤና ጣቢያው በር ላይ ደረሰ። ሰብስቤን ናዝሬት ውስጥ የማያውቀው አልነበረም። አርባን ያለፈ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ማታ ማታ አንድ ሁለት መለኪያ የማያጣው ሰው ነው። ይሁን እንጂ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ የብስክሌቱ ደወል አንድ ሰፈር ሲሰማ የልጆቻቸውን ወሬ የሚጠብቁ እናቶች ከቤታቸው ወጥተው አጥር ይይዙ ነበር። «ለእርስዎ አይደለም፣ ለእርስዎም አይደለም» እያለ ሲያልፍ አንዳንዷ ከቆመችበት ቁጭ ትላለች። ይህን ስለለመደ ቀልዱ ቀንሶ ነበር።

ያን ቀን የካኪ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ተቀዷል፤ ቁስሉ ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ በደም ርሷል።

«ምን ሆንክ ጋሼ ሰብስቤ?»

«ውሻ። የእትዬ አሰለፈች ውሻ። ደወል ከመደወል በቀር እግዜር ያውቃል አንዳች ነገር አላደረግኩትም። አጥር ዘሎ ነው የመጣብኝ።»

ጨርቁን ስትፈታው ቁስሉ በቡና ዱቄት ተሞልቷል። መንገድ ላይ ያገኙት ሴቶች ደሙ እንዲቆም ብለው ያደረጉለት ነው። ባቱ ላይ አራት ጥርስ ጠልቋል፤ አንደኛው ጎን ሥጋው ተንጠልጥሏል።

«ይህ መውጣት አለበት፤ ያምሃል፣ ቻለው» አለችው።

ጓሮ ወዳለው ቧንቧ ወሰደችው። ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ውሃውን ለቀቀችና በልብስ ሳሙና ታጥበው ጀመር። የቡና ዱቄቱ ከደም ጋር እየጠቆረ ወረደ። አልቸኮለችም። እያንዳንዱን ቀዳዳ እየከፈተች፣ አረፋውን እያስገባች፣ እንደገና እያለቀለቀች ሩብ ሰዓት ያህል ቆየች።

«ኧረ ልጄ፣ ቆዳዬን ልትጨርሽው ነው!»

«ከመርፌም ከክኒንም በፊት የሚያድንህ ይኼ ነው። መርዙ ያለው በለሃጩ ውስጥ ነው፤ ሥር ሳይሰድ ታጥቦ መሄድ አለበት።»

ከዚያ አዮዲን አፈሰሰችበት። ሰብስቤ የሁሉንም ታቦት ስም ጠራ። የተንጠለጠለውን ሥጋ አልሰፋችውም። ሰብስቤ «አትሰፊውም እንዴ?» ሲላት፣ የውሻ ንክሻ በመጀመሪያው ቀን ከተሰፋ መርዙ ውስጥ እንደሚታፈን ነገረችው። ላላ አድርጋ በንጹሕ ፋሻ ሸፈነችው፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ወጋችው። ከዚያ በኋላ ነው መዝገቡን ስባ ብዕሯን ያነሳችው።

«የት ነው? ስንት ሰዓት? ሥራ ላይ ነበርክ? ውሻው ባለቤት አለው? ቀድሞ ሰው ነክሶ ያውቃል? ተነክቶ ነው ወይስ ሳይነካ? አሁን የት ነው ያለው?»

ሰብስቤ የሚያውቀውን መለሰ። የመጨረሻዎቹን ግን አያውቅም። ከደረት ኪሱ የታጠፈች ቢጫ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

«ቴሌግራሟን እንኳ ሳላደርስ!»

«እኔ አደርሳታለሁ። ውሻውን ማየት አለብኝ።»

ከመሄዷ በፊት ስለ ክትባቱ ነገረችው። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሆዱ ላይ ይወጋል፤ ከዚያ በኋላም ማጠናከሪያ አለው። መጠጥ እርም ነው። ከባድ ሥራም የለም። ሰብስቤ ከመርፌው ይልቅ በመጠጡ ደነገጠ። አንድ ነገር ልትደብቀው አልፈለገችም፤ መርፌው ራሱ፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ሰው ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

«ስለዚህ ዛሬ ወይም ነገ እንጀምራለን። ውሻው ግን አሥር ቀን ድረስ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ እናቆመዋለን። ለሃጩ ውስጥ በሽታው ያለበት ውሻ አሥር ቀን አይሻገርም፤ ያብዳል፣ ይሞታል። ከቆየ ከጥርሱ ወደ አንተ የገባ ነገር የለም ማለት ነው።»

«ቢሞትስ?»

«ያኔ እስከ መጨረሻው ትወጋለህ። ቀድመህ ከጀመርክ ደግሞ አትሞትም።»

በጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ክትባቱ እንደሌለ ታውቃለች። ስለዚህ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቴሌግራም ቤት ነው። የቢሮው ኃላፊ አቶ አለማየሁ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የጻፈችውን ወረቀት አነበቡ። ሠራተኛው በሥራ ሰዓት፣ ቴሌግራም ሲያደርስ በውሻ መነከሱን፣ የተደረገለትን እርዳታ፣ የሚያስፈልገውን ክትባትና ከሥራ የሚያርፍበትን ጊዜ ይናገራል።

«የሥራ ላይ ጉዳት ነው፤ የሕክምናውን ወጪ ቢሮው ይችላል። ቅጂውን ለዋናው መሥሪያ ቤት እልካለሁ» አሉ ወዲያው። «ሌላ ምን ላድርግ?»

«ክትባቱ አዲስ አበባ ነው፤ እስኪላክልን ብንጠብቅ ይዘገያል።»

አቶ አለማየሁ ተነስተው በመስኮቱ ወደ ግቢው ተጣሩ። የቢሮው ላንድሮቨር በማግስቱ ንጋት ዕቃ ለማምጣት ወደ አዲስ አበባ ይወጣ ነበር። ሾፌሩን ጠርተው በረዶ የተሞላ ቴርሞስ እንዲይዝ፣ የእሷንም ማዘዣ ወስዶ ክትባቱን እዚያ ካለው ላቦራቶሪ ተረክቦ በዚያው ቀን እንዲመለስ አዘዙት። የውሻው ነገር እስኪለይም ድረስ ማንም አዳይ የእትዬ አሰለፈችን በር እንዳያልፍ፣ ከመንገድ ቆሞ እንዲጣራ ለአዳዮቹ ነገሯቸው። ኢፍቱ ስትወጣ ትንሽ ቀለል አላት። ወረቀት እንዲህ ቶሎ እግር ሲያወጣ ብዙ ጊዜ አላየችም።

የእትዬ አሰለፈች ቤት ከገበያው በላይ፣ ቡጋንቪላ አጥሩን የዋጠው አሮጌ ግቢ ነው። ኢፍቱ ስትደርስ በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንዷ በነጠላ የተከናነበች፣ ፀጉሯ ያለ ዕድሜው የሸበተ ሴት ናት፤ እጆቿን ዘርግታ በሩን ይዛለች። ሌላው ካኪ የለበሰ፣ ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው። ወዬሳ ይባላል። ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ከአጥሩ ጀርባ በገመድ የታሰረው ውሻ ሰውነት የሚያርድ ጩኸት ይጮሃል። ተራ የውሻ ጩኸት አልነበረም፤ ጉሮሮው የሚቀደድ ይመስል ነበር።

«አካም ጂርታ?» ብላ ኢፍቱ በኦሮምኛ ሰላም አለችው።

«ደህና ነኝ ሲስተር። ሰው የነከሰ ውሻ ይገደላል፤ የቀበሌው ውሳኔ ነው። ዘወር እንድትል ንገሪያት።»

«አሁን ከገደልከው የሰብስቤን ሕይወት ነው የምትጫወትበት።»

ወዬሳ ጠመንጃውን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛወረ። ለሰብስቤ የነገረችውን ለእሱም ነገረችው፤ ውሻው ታስሮ፣ እየበላና እየጠጣ በሕይወት መጠበቅ አለበት። የግድ ከተገደለም ጭንቅላቱ ሳይመታ በበረዶ አዲስ አበባ መላክ አለበት፤ አንጎሉ ነው የሚመረመረው።

«ለአሥር ቀን?»

«ለአሥር ቀን። በሽታው ሰው ውስጥ ሲገባ ይደበቃል ወዬሳ። ቁስሉ ይድናል፣ ሰው ይረሳዋል፣ እሱ ግን በነርቭ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ጭንቅላት ይወጣል። አንዳንዱን በወሩ፣ አንዳንዱን በሁለት በሦስት ወሩ ይጥለዋል። ዓመት ቆይቶ የሚመጣበትም አለ። ከመጣ በኋላ ደግሞ መድኃኒት የለውም።»

«ዓመት?» አለ ወዬሳ።

«አልፎ አልፎ። አዎ።»

ፊቱ ላይ ላብ ነበር፤ ሙቀቱ ነው ብላ አሰበች። ዘወር ብሎ ሄደ። ከመንገዱ ጥግ እስኪሰወር ድረስ ውሻው ጮኸ፤ ከተሰወረ በኋላ ዝም አለ።

እትዬ አሰለፈች እጆቿን ከበሩ አወረደች። ኢፍቱ ወደ ውስጥ ገብታ ውሻውን አየችው። ትልቅ፣ ቡላ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ ውሻ ነው፤ ጅራቱን ነቀነቀላት። ለሃጩ አይዝረበረብም፣ እግሩም አይንገዳገድም። በሰንሰለት አስረው ከሸራ ጥላ ሥር አኖሩት።

«ስሙ ማነው?»

«ልጄ ነበር ስም ያወጣለት። እኔ በስሙ አልጠራውም።» እትዬ አሰለፈች ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ክፉ ውሻ አይደለም ልጄ። ካኪ ሲያይ ነው የሚያብደው። የከተራ ማታ ልጄን አብተውን ሊወስዱት ሲመጡ ውሻው ላዩ ላይ ተጣብቆ አልለቅ አለ። በሰደፍ መቱት። ጆሮው ያኔ ነው የተቀደደው። ከዚያ ወዲህ ካኪ የለበሰ በዚህ በር ሲያልፍ አይችልም። ሰብስቤ ምን በደለ? ልብሱ ነው እንጂ።»

የሰባ ዓመተ ምሕረት ጥርን የማያስታውስ ናዝሬት ውስጥ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ከመንገዱ ዳር የወደቀውን ሬሳ ላለማየት መሬት መሬት እያየች የሄደችባቸውን ሳምንታት ኢፍቱ አልረሳችም። ቢጫዋን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። ሴትዮዋ እጇን ወደ ነጠላዋ ሰብስባ ሳትቀበላት ቀረች።

«ከአብተው ነው?»

«እኔ አላየሁትም እትዬ። የታሸገ ነው።»

«ክፈቺው። አንብቢልኝ። እኔ አልችልም።»

ኢፍቱ ከፈተችው። ከድሬዳዋ ነው። የእትዬ አሰለፈች እህት የቤት ኪራይ ስለጨመረባት ሌላ ሰፈር መግባቷን፣ አዲሱንም የፖስታ ሣጥን ቁጥር ትነግራታለች። እትዬ አሰለፈች እስከ መጨረሻው ሰማች፣ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ለውሻው ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ውሃው ጣሳው ውስጥ ሲንቆረቆር ኢፍቱ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሳ መዝገቡን ሞላች። በምክንያቱ ቦታ ላይ ብዙ አመነታች። «ውሻው ሳይነካ ነከሰ» ብላ ብቻ ብትጽፍ የሚያነበው ሐኪም ውሻው ያበደ ይመስለዋል። ስለ ካኪው በዝርዝር ብትጽፍ ደግሞ ለሴትዮዋ ነገር ታመጣባታለች። በመጨረሻ፣ ባለቤቷ እንደገለጸችው ግቢ የሚጠብቅ፣ የደንብ ልብስ ለባሽ ሲያይ የሚቆጣ፣ አሁን ጤነኛ የሚመስልና ታስሮ ክትትል የሚደረግለት ውሻ ነው ብላ ጻፈች።

ላንድሮቨሩ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ተመለሰ። ሰብስቤ ሸሚዙን ገልቦ ተወጋ፤ ከዚያም ቀን በቀን መጣ። ሆዱ እያበጠ፣ እያሳከከው፣ የጠጅ ቤት ጓደኞቹን ወሬ እያወራላት ቁስሉን ታጥብለታለች። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመግባቷ በፊት በእትዬ አሰለፈች በኩል ታልፋለች። ትጠይቃለች፤ በላ? ጠጣ? ጨለማ ይፈልጋል? እንጨት ይነክሳል? ባለቤቱን ሲያያት ያውቃታል? እትዬ አሰለፈች ሁሉንም ትመልስላታለች፤ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ስለ ውሻው መነጋገራቸው ቀስ በቀስ ስለ አብተው መነጋገር ሆነ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። ጂኦግራፊ ይወድ ነበር። የቀበሌው ሰዎች መጀመሪያ «ተዛውሯል» አሏት፣ ቀጥለው «የለም» አሏት፣ ስንቅ ይዛ ስትመላለስ «ሁለተኛ እንዳትመጪ» አሏት። ሞተ ያላት የለም። ስላልሞተባትም ማልቀስ አልተፈቀደላትም።

በስድስተኛው ጠዋት ኢፍቱ ስትደርስ እትዬ አሰለፈች በሩ ላይ ትጠብቃታለች።

«ድምፁ ጠፋ» አለቻት። «ትናንት ያቀረብኩለትን አልነካም።»

የሚያብድ ውሻ ድምፁ እንደሚለወጥ፣ ምግብ እንደሚተው ኢፍቱ ታውቃለች። ውሻው ጥላው ሥር ተጋድሟል፤ ሲያያት ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ የወጣው እንደ ተሰነጠቀ ቀርከሃ ያለ ፍሽፍሽታ ነው። ሴትዮዋ ጣሳውን ልታቀርብለት ስትል ኢፍቱ ከለከለቻት። ረጅም እንጨት ፈልጋ ራሷ ጣሳውን እየገፋች ወደ አፉ አስጠጋችው። ያ የአርሲው ገበሬ እዚያው አጥር ሥር ቁጭ ብሎ የሚያያት መሰላት። ውሻው አንገቱን አነሳ፣ ውሃውን አሸተተ፣ ከዚያም በምላሱ እየላሰ ይጠጣው ጀመር። ጣሳው ባዶ እስኪሆን አላቆመም።

ኢፍቱ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ሌሊቱን በሙሉ ሲጮህ ነው ያደረው» አለች እትዬ አሰለፈች። «አጥሩ ጋ የሚቆም ሰው ነበር። መብራት አልያዘም። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም መጥቷል።»

«ማን?»

«ምን አውቄ። ዝም ብሎ ይቆማል። እኔ ደግሞ የሞተ ሰው መሰለኝ። ልጄ ከሆነ ብዬ በሩን ከፈትኩለት። ሸሸ።»

በማግስቱ ውሻው በላ። ድምፁም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ኢፍቱ ግን አጥሩ ጋ የሚቆመው ሰው ከሐሳቧ አልወጣም። ሊገድለው የመጣ ቢሆን ኖሮ አንዲት ጥይት ትበቃው ነበር። የሚቆመው ለምንድን ነው?

የክትትሉ መጨረሻ ዋዜማ፣ ጤና ጣቢያው ሊዘጋ ሲል፣ በሽተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ወዬሳ መጣ። ካኪውን አውልቆ ተራ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጠመንጃም አልያዘም። ያለ ልብሱ ልጅ መሰለ። በሩን ዘግቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ለጓደኛዬ ነው የምጠይቅሽ ሲስተር። ውሻ ነክሶት ነበር። ያ ያልሽው ነገር፣ ዓመት የሚቆየው፣ እውነት ነው?»

«አልፎ አልፎ እውነት ነው። መቼ ነው የተነከሰው?»

«ቆየ።»

«የማን ውሻ?»

ኢፍቱ መዝገቡን ገለጠች። ወዬሳ መዝገቡን ሲያይ ሊነሳ ቃጣውና መልሶ ተቀመጠ።

«ውሃ ስጠጣ ጉሮሮዬ ይይዘኛል» አለ። የ«ጓደኛው» ነገር መሐል ላይ ቀረ። «እንቅልፍ የለኝም። ራሴን ሲያመኝ ይኸው መጣ እላለሁ። አንቺ ያን ቀን ከተናገርሽ ወዲህ ምግብ አልቀመስኩም። ማታ ማታ እየሄድኩ ውሻውን አያለሁ። ታሞ እንደሆነ ለማየት ነው። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«አሳየኝ።»

እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ላይ የጥርስ ጠባሳ አለ፤ ጨረቃ የመሰለ፣ የተጨማደደ፣ ማንም ሳያክመው በራሱ የዳነ።

«መቼ?»

ወዬሳ ወለሉን እያየ፣ «የከተራ ማታ» አለ። «የሰባው።»

ኢፍቱ ተነስታ ከእንስራው ውሃ ቀዳች። ብርጭቆውን አቀረበችለት።

«ጠጣ።»

«አይወርድልኝም።»

«ጠጣ እልሃለሁ።»

በሁለት እጁ ይዞ አፉ ላይ አደረገው። ኢፍቱ የጉሮሮውን አጥንት ብቻ ታያለች። ወረደ። እንደገና ወረደ። ብርጭቆው ባዶ ሆነ።

«ስማኝ» አለችው። «የነከሰህ ያ ውሻ ያን ማታ በሽታው በለሃጩ ውስጥ ቢኖርበት ኖሮ በዚያው ሰሞን ሞቶ ነበር። ይኸው ከዓመት በላይ ኖሯል። ዛሬ ጠዋት ከእጄ በልቷል። የሚይዝህ በሽታ የለም። ጉሮሮህን የያዘው ፍርሃት ነው።»

ወዬሳ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ኢፍቱ አላጽናናችውም። ይህን ያህል እፎይታ የሰጠችው እሷ መሆኗ እንደ ምሬት አፏ ውስጥ ተሰማት። ውሻውን በዚያን ዕለት ገድሎት ቢሆን ኖሮ ይህን የሚነግረው ማንም አያገኝም ነበር። ብዕሯን አነሳችና ጻፈች፤ የቆየ የውሻ ንክሻ፣ የዳነ፣ ውሻው በሕይወት ያለ፣ ክትባት አያስፈልግም።

«የውሻው ባለቤት የሚለው ቦታ አለ» አለችው።

«አትጻፊው።»

«የማን ውሻ እንደሆነ ካልተጻፈ በሕይወት መኖሩን በምን አወቅሽ ይሉኛል።»

ጥቂት አሰበ። «ጻፊው» አለ።

ጻፈችው። ከዚያ መዝገቡን ዘጋች፤ ብዕሯንም ክዳኑን ከድና አስቀመጠች።

«ልጁስ?»

ወዬሳ ቀና አላለም።

«እኔ አልተኮስኩም። መጀመሪያ በር፣ ኋላም መኪናውን ነው ያስጠበቁኝ። ልጁ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሲነጋ በጭነት መኪና ወሰዱዋቸው። ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ፣ ከድልድዩ ወዲህ፣ ግራሮቹ ጋ። ብቻውን አይደለም። ብዙ ናቸው።» ተነስቶ ቆመ። «በዚያ ሌሊት ክንዴ እየደማ ነበር። ከመኪናው ሲወርዱ ልጁ አየውና ውሻዬ ነው አይደል ያደረገህ አለኝ። ታጠበው አለኝ። በሳሙና ታጠበው፣ ትምህርት ቤት ተምረናል አለኝ።»

ወጥቶ ሄደ። ኢፍቱ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

በማግስቱ ጠዋት ውሻው ጤነኛ ነበር። ጤና ጣቢያው ስትገባ ሰብስቤ ሸሚዙን ገልቦ ይጠብቃታል፤ ሸሚዝህን መልሰው ስትለው ዘሎ ጨበጣት። ቁስሉ ሊሽር ተቃርቧል። ሥራ መጀመር እንደሚችል ለአቶ አለማየሁ ጻፈችላቸው፤ ወደዚያ ግቢ ሲሄድ የካኪ ልብሱን ቀይሮ እንዲገባም በቃል ላከችላቸው። ቀበሌውም ስለ ውሻው ምንም አላለም። ወዬሳ ጤነኛ ነው ብሎ ሪፖርት እንዳደረገ በኋላ ሰማች።

ማታ ከሥራ ስትወጣ ወደ እትዬ አሰለፈች ሄደች። ሴትዮዋ ፊቷን አይታ ወንበር ሳትስብላት በሩን ዘጋች። ኢፍቱ መንገዱን ሁሉ ስትለማመደው የመጣችው ንግግር ጠፋባት። የሰማችውን ነገረቻት። ማን እንደነገራት አልተናገረችም፤ እትዬ አሰለፈችም አልጠየቀችም። ስለ መጨረሻው ንግግርም ነገረቻት።

እትዬ አሰለፈች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«መሞቱንማ አውቄዋለሁ» አለች። «ቦታውን ነው ያላወቅኩት።» ከዚያ፣ «ጥላ አለው?» ብላ ጠየቀች።

«ግራሮች አሉ። ትልልቅ ናቸው።»

«ጥሩ። እሱ ፀሐይ አይችልም ነበር።»

በሚቀጥለው ቀን እትዬ አሰለፈች ጥቁር ለበሰች። ለጎረቤቶቿ አገር ቤት ያለ የሥጋ ዘመዷ እንደሞተ ነገረቻቸው። ሰው ሁሉ መጣ። የዘመድየውን ስም ማንም አልጠየቀም። ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አለቀሱ፤ አንዳንዶቹ የራሳቸውን ሐዘን ይዘው የመጡ ነበሩ፤ ለነሱም የሚያለቅሱበት ቤት አልነበራቸውም። ሰብስቤ በነጭ ሸሚዝ መጥቶ ሦስት ቀን ውሃ ሲቀዳና ወንበር ሲያነሳ ሰነበተ። ውሻው አንዴም አልጮኸበትም።

ወዬሳ ክረምቱ ሳይገባ ወደ ሞጆ ተዛወረ ተባለ። ዘመቻ ሄደ የሚሉም አሉ። ኢፍቱ እስከ ደርግ መውደቂያ ድረስ እዚያችው ጤና ጣቢያ ሠራች። ውሻ የነከሰው ሰው በመጣ ቁጥር ታጥባለች፣ ትጽፋለች፣ ለአሠሪው ታስታውቃለች፣ ውሻው እንዳይገደል ራሷ እየሄደች ትለምናለች። ለክትባት ዘመቻ ወደ ወንጂ የምትሄድባቸው ቀናትም ነበሩ። አውቶቡሱ ድልድዩ ሊደርስ ሲል ወሬው ሁሉ ይቀዘቅዛል። ኢፍቱ ግራሮቹን አታይም፤ የምታየው ተሳፋሪዎቹን ነው። ሁልጊዜ አንድ ሁለት ሰው አንገቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል፤ አንዳንዴም አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ታደርጋለች። ማናቸውም ከማናቸውም ጋር አይተያዩም።